ሚዜው መቀመጫ አለው፤ ጓደኛዋስ?

«እትዬ፣ የምጽፍልዎት ከታች ጋይንት፣ ከአርብ ገበያ ነው። የአንደኛ ደረጃ መምህርት ነኝ። እኔና ጓደኛዬ የተወለድነው አንድ ጎጥ ነው። ከዘጠነኛ እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ከተማ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይተን አብረን ተማርን። እሑድ እሑድ ከየቤታችን እንጀራና ሽሮ ተሸክመን እንመጣና ሳምንቱን አንድ ላይ እንበላው ነበር። እኔ ደብረ ታቦር መምህራን ኮሌጅ ስገባ እሷ ውጤት አልመጣላትም፤ ያኔ እንኳ አልተለያየንም።

«ባለፈው ጥር ወደ ስማዳ ተዳረች። ከሠርጉ በኋላ፣ ዐቢይ ጾም ሳይገባ ላያት ሄድኩ። አማቷና ጎረቤቶቹ ተሰብስበው ነበር። ቡና አፈላች፣ እግራቸውን አጠበች፣ ጠላ ቀዳች፤ ከእኔ ጋር አንዴም ሳትቀመጥ መሸ። እንደ እንግዳ በልቼ ተመለስኩ። ስደውል ባሏ ያነሣና ‹አለች፣ ደኅና ናት› ይለኛል። ለፋሲካ እናቷ ቤት መጥታ ሰንብታ ሄደች፤ ለእኔ አልነገረችኝም። አሁን በነሐሴ ደግሞ የአምስት ወር ነፍሰ ጡር መሆኗን የሰማሁት ከገበያ ነው። እኔ የማላውቀውን ቅመም ሻጯ ታውቃለች።

«እናቴ ጓደኛሽ ወግ ደረሳት ትለኛለች። ሌላው ቆሞ ቀር ይለኛል። እኔን ግን የሚያቃጥለኝ አለማግባቴ አይደለም፤ መረሳቴ ነው። ልተዋት ወይስ ልከተላት?»

የተረሳችው፣ ከአርብ ገበያ

እታለም፣ ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ልተዋት ወይስ ልከተላት ብለሽ ለጠየቅሽው መልሴ አትተያት የሚል ነው። ነገር ግን እስከ ዛሬ በሄድሽበት መንገድም አትከተያት።

መጀመሪያ ያችን የቡና ቀን አብረን እንያት። አንቺ የሄድሽው ወደ ጓደኛሽ ነው፤ የደረስሽው ግን አማቷ ቤት ነው። አዲስ ሙሽራ በዚያ ቤት እንጀራዋ፣ ጠላዋ፣ አረማመዷ ሳይቀር የሚታይበት ወቅት ላይ ነበረች። በእኛ አገር ሙሽራ ከወላጆቿ መንደር የመጣችን ሴት ይዛ ጓዳ ብትገባና ብትንሾካሾክ፣ ምን እንዳወራችሁ ማንም ሳይሰማ ወሬው ተጽፎ ያልቃል፤ «ቤቱን አማች» ይባላል። ስለዚህ ከአንቺ ጋር ያልተቀመጠችው ስለጠላችሽ ነው ለማለት ያ ቀን አይበቃም። ቡና አፍልታ፣ ቀድታ፣ አብልታ መሸኘቷ በዚያ ቀን በእጇ የነበረ ክብር ሁሉ ሊሆን ይችላል። ጥፋቱ ጊዜው ላይ ነው፤ ሠርጉ ሳይደርቅ ሄድሽ።

ስለ እርግዝናዋም እንዲሁ ነው። ፅንስ ሆድ ሳይገፋ አይወራም፤ ሰው ዓይን ይፈራል፣ መጨንገፍ ይፈራል። በባል ስልክ፣ አማት እየሰማች «አርግዣለሁ» የምትል ሙሽራ በስማዳም በእስቴም በጋይንትም ብዙ አታገኚም። ቅመም ሻጯ የሰማችው ከጓደኛሽ አፍ አይመስለኝም፤ ወሬ ገበያ የሚደርሰው ባለቤቱ ሳይልከው ነው።

ፋሲካ ግን ሌላ ነው። እናቷ ቤት መጥታ፣ አንድ ሕፃን «መጥቻለሁ በላት» ብላ መላክ ስትችል አለመላኳ ጥፋት ነው። ይህን የምልሽ ሐዘንሽን ላባብስ ብዬ ሳይሆን፣ ሁሉን ነገር «ሙሽራ ናት» እያልሽ እንዳትውጪው ነው። የዋጥሽው ነገር በኋላ የማይገባ ቦታ ላይ ይወጣል። ፊት ለፊት ስትገናኙ ይህን አንድ ነገር ብቻ አንሺባት፤ «ፋሲካን መጥተሽ ሳትልኪብኝ ሄድሽ፣ ከፋኝ» በያት። ቡናውን፣ ስልኩን፣ ገበያውን አትጨምሪበት። በአንድ ጥፋት የተጠየቀ ሰው ይቅርታ ይላል፤ በአራት የተጠየቀ ግን ለመከላከል ይነሣል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። የእኛ የጋብቻ ሥርዓት ለባል ጓደኞች በአዲሱ ጎጆ ውስጥ ቋሚ መቀመጫ ሰጥቷቸዋል። ሚዜዎቹ ሙሽራይቱን አጅበው ያመጧታል፣ ወንድም ሊሆኗት ቃል ይገባሉ፣ ከባሏ ስትጋጭ የምትጠራው እነሱን ነው። ሚዜ ከሠርግ በኋላ በማናቸውም ቀን ቢመጣ «ምን ፈልጎ?» አይባልም። ለሴቲቱ ጓደኛ ግን እንዲህ ያለ ማዕረግ የለም። በሠርጉ ዋዜማ ዘፍና፣ እንሶስላ አብራ ሞቃ፣ ሙሽሪት ስትሄድ አልቅሳ ትቀራለች። ሙሽራይቱ ደግሞ ወደ ባሏ አገር ስለምትሄድ የመንደሩ ትውውቅ ሁሉ ከኋላዋ ይቀራል። አንቺን የረሳሽ አንድ ሰው ብቻ አይደለም፤ ወጉም ቦታ ሳይሰጥሽ ቀርቷል። እናም ጓደኝነታችሁ እንደ ድሮው በየቀኑ በመተያየት ሊኖር ስለማይችል፣ በዚያ ቤት ስም ያለው ቦታ ያስፈልግሻል። ወጋችን ይህን በር ሙሉ በሙሉ አልዘጋውም፤ የሚከፈተው በአራስነትና በክርስትና ነው።

ሴት የመጀመሪያ ልጇን ስትወልድ እናቷ ዘንድ መታረሷ የኖረ ልማድ ነው። ዛሬ ወሊዱ ጤና ጣቢያ ቢሆንም፣ ብዙዎቹ ወራቸው ሲገባ ወደ እናታቸው ይመጣሉ። እንደ ቆጠርሽው ከሆነ የጓደኛሽ ወር ታኅሣሥ አካባቢ ነው። ያን ጊዜ ክረምቱ ወጥቶ፣ ጭቃው ደርቆ፣ አዝመራው እየተሰበሰበ ይሆናል። እሷም በአማቷ ሳይሆን በእናቷ ጣሪያ ሥር ትሆናለች፤ ያች እናት ደግሞ አንቺን ከልጅነትሽ ጀምሮ ታውቅሻለች። በትዳር ዓመቷ ውስጥ ሁለታችሁ ያለ ታዛቢ የምትቀመጡበት ረጅሙ ጊዜ ይህ ነው።

ስለዚህ ከአሁን እስከ ኅዳር ወደ ስማዳ አትሂጂ። ከእናቷ ጋር ግን ግንኙነትሽን አድሺ። ወላጆችሽን ልትጠይቂ ስትወጪ በደጃፏ እለፊ፣ እንቁጣጣሽን እንኳን አደረሰዎት በያት። ስለ ልጇ አትውቀሻት፤ «መቼ ትመጣለች?» ብቻ ብለሽ ጠይቂ። በስልክም ቢሆን ባሏ ሲያነሣ «አገናኘኝ» ብለሽ አትሟገቺ። ከእሱ ጋር ሰላምታ ተለዋወጪ፣ ስለ አዝመራው ጠይቂው፣ «ለእሷ እንኳን ደስ ያለሽ በልልኝ» በይው። አንቺ ለእሱ ስም የሌላት ድምፅ ሆነሽ ከቀረሽ ሁልጊዜ ጥርጣሬ ነሽ። ደግሞም በእኛ ዞን ባለፉት ዓመታት መንገዱ ሲዘጋና ኔትወርኩ ሲጠፋ ወራት ያለፉበት ጊዜ ስለነበረ፣ ዝምታ ሁሉ ንቀት አይደለም።

ስትታረስ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሂጂ። የገብስ ወይም የአጃ ዱቄት፣ ቅቤ፣ ተልባ ያዢ፤ ገንፎውን አንቺ ብታገነፊው ደግሞ የበለጠ ነው። ተቀምጠሽ ወሬ ከመጠበቅ ይልቅ እጅሽን ሥራ ላይ አውዪው፤ አራስ ቤት ውስጥ የምትሠራ ሴት እንግዳ አትባልም። የፋሲካውን ነገር በመጀመሪያው ቀን አታንሺው። ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ስትመለሺ፣ ልጁ ተኝቶ ብቻችሁን ስትሆኑ አንሺው።

ሌላው ክርስትና ነው። ሴት ልጅ ከወለደች በ80 ቀኗ ክርስትና ትነሣለች፣ የምታነሣትም ክርስትና እናት ናት። ይህ ቦታ ለአንቺ ቢደርስ ከእሷም ከባሏም ጋር አበልጅ ትሆናላችሁ። አበልጅ ደግሞ እንደ ሚዜው ነው፤ በዓመት በዓል ይጠራል፣ ሲታመም ይጠየቃል፣ በደጁ ሲያልፍ «ግባ» ይባላል። ነገር ግን ራስሽ አትጠይቂ። የባሏ ወገኖች አስቀድመው ለሌላ ሰው ቃል ገብተው ሊሆን ይችላል፤ በግልጽ ጠይቀሽ እምቢ ብትባዪ ለሁላችሁም ኀፍረት ነው። እናትሽ ለእናቷ «ልጄ ብታነሣላት ደስ ይላታል» ትበል፣ የቀረውን ለእነሱ ተዪው። ከመፈለግሽ በፊትም አስቢበት፤ ክርስትና ማንሣት ዝምድና ነው፣ ልጆቻችሁ ከእንግዲህ አይጋቡም፣ በየዓመቱም ግዴታ አለበት። ወንድ ከወለደች በ40 ቀኑ የሚያነሣው ክርስትና አባት ነውና ይህ በር ለአንቺ አይከፈትም። ያኔ የሚቀርሽ በወር አንድ ቀን የሚጠጣ ማኅበር ነው። እናቷ ማኅበርተኛ ከሆነች አንቺም ግቢ፤ ጓደኛሽ ወደ ወላጆቿ በመጣች ቁጥር የት እንደምታገኝሽ ታውቃለች።

አንድ ነገር ግን አጣሪ። ጓደኛሽ የራቀችው ከአንቺ ብቻ ነው ወይስ ከሁሉም? ለእናቷ ትደውላለች? ገበያ ትወጣለች? ቤተ ክርስቲያን ትስማለች? ለፋሲካ መምጣቷ ጥሩ ምልክት ነው። ነገር ግን እናቷም «ድምፅዋን ከሰማሁ ሰነበተ» ካለችሽ፣ ስትመጣም ባሏ ሳይለያት የምትመለስ ከሆነ፣ ወይም በገላዋ ላይ የምታስተባብለው ቁስል ካየሽ፣ ያ የቀዘቀዘ ጓደኝነት አይደለም። በራስሽ ስማዳ ሄደሽ አትጋፈጪ፤ በእሷ ላይ ይብስባታል። ለእናቷ ንገሪ፣ ሚዜዎቹና ሽማግሌዎች ይግቡበት፤ ድብደባ ካለ ደግሞ ሽማግሌ አይበቃምና የወረዳው ሴቶች ጉዳይ ጽሕፈት ቤትና ፖሊስ ይወቁት።

ስለ አንቺም ልንገርሽ። ቆሞ ቀር የሚሉሽ ሰዎች ስላሉ ብለሽ፣ ወይም ከጓደኛሽ ጋር እንደገና እኩል ወሬ ለማውራት ብለሽ አታግቢ። ይህን የምለው እንዲህ አድርገው ያገቡ ብዙ ሴቶች ስለሚጽፉልኝ ነው፤ ጓደኛቸውንም አላገኙ፣ ትዳሩም አልሆናቸው። የኪራይ ቤቷ ጓደኛሽ በየምሽቱ አጠገብሽ የነበረችው ሌላ ኃላፊነት ስላልነበራት ነው፤ ያ ምሽት አይመለስም፣ ልትመልሽውም አትሞክሪ። በየቀኑ የምታዋዪውን ሰው እዚያው አርብ ገበያ፣ ከምታስተምሪበት ትምህርት ቤት መምህራን መካከል ፈልጊ። ለስማዳዋ ጓደኛሽ ግን በዓመት ሦስትና አራት ቀን ይበቃታል፣ ለአንቺም ሊበቃሽ ይችላል።

እንቁጣጣሽ ቅርብ ነው። ለበዓሉ ወደ ወላጆችሽ ስትወጪ ከሌላ ቦታ ሁሉ በፊት እናቷ ቤት ግቢ፤ ከታረሰች በኋላ ደግሞ ምን እንደሆነ ጻፊልኝ።