የአንድ ወጣት ጸሐፊ የኪስ ሒሳብ

ይህ ለትምህርት የተዘጋጀ ታሪክ ነው። ባለታሪኩ በአንድ ወረዳ መሥሪያ ቤት የሒሳብ ክፍል ውስጥ የሚሠራ ወጣት ጸሐፊ ሲሆን፣ ግብርና ጡረታ ተቀንሶ በእጁ የሚገባው ደሞዝ 9,000 ብር ነው።

ጉድለቱ ከየት መጣ?

ወጣቱ ደሞዝ በተቀበለ ቀን 3,500 ብር የቤት ኪራይ ይከፍላል፣ 1,500 ብር ዕቁብ ይጥላል፣ ለእናቱ 800 ብር ይልካል። እነዚህ ቋሚ ወጪዎች (በየወሩ መጠናቸው የማይለወጥ ክፍያዎች) ናቸው። ከዚያ በኋላ በእጁ የሚቀረው 3,200 ብር ነው። በግምቱ መሠረት ለአስቤዛ 1,000፣ በሠራተኞች ክበብ ለሚበላው ምሳ 1,100፣ ለታክሲ 600 ብር ይበቃዋል። ስለዚህ በወሩ መጨረሻ 500 ብር መትረፍ ነበረበት።

ሆኖም ወሩ ሳያልቅ ገንዘቡ አለቀና ከሥራ ባልደረባው 500 ብር ተበደረ። ጉድለቱ የብድሩን ያህል፣ ማለትም 500 ብር ብቻ ይመስላል። መትረፍ የነበረበት 500 ብርም አብሮ መጥፋቱ ሲታሰብ ግን፣ የሄደበት ያልታወቀው ገንዘብ 1,000 ብር ነው። ብዙ ሰው ጉድለቱን በብድሩ መጠን ብቻ ስለሚለካ ትክክለኛውን ቁጥር አያገኘውም።

ወጪ ሳይጨምር ዕዳ ለምን ይጨምራል?

በሁለተኛው ወር ወጣቱ ደሞዝ እንደተቀበለ የተበደረውን 500 ብር መለሰ። ለወሩ የቀረው 2,700 ብር ሆነ። አኗኗሩን ስላልለወጠ ወጪው እንደ ቀድሞው 3,700 ብር ደረሰ፤ ብድሩም 1,000 ብር ሆነ። አንድ ብር ሳይጨምር ዕዳው በእጥፍ ያደገው፣ ያለፈው ወር ጉድለት ከአዲሱ ወር ደሞዝ ላይ ስለተከፈለና ያው ጉድለት እንደገና ስለተከሰተ ነው።

መዝገቡ እንዴት ይሠራል?

ወጣቱ በመሥሪያ ቤቱ የፔቲ ካሽ (ለጥቃቅን ወጪ የሚያዝ ጥሬ ገንዘብ) ኃላፊ ነው። የፔቲ ካሽ ደንብ አንድ ነው፦ በሣጥኑ ያለው ገንዘብና የወጪ ደረሰኞቹ ድምር ሁልጊዜ መጀመሪያ ከተሰጠው ገንዘብ ጋር እኩል መሆን አለበት። በሁለተኛው ወር ይህንኑ ደንብ በኪሱ ላይ ተገበረው። ለሻይና ለባጃጅ ደረሰኝ ስለማይሰጥ፣ የከፈለውን እዚያው በቆመበት በትንሽ ደብተር ጻፈ። ማታ በትዝታ የሚሞላ መዝገብ የሚያመልጠው በተለይ እነዚህን ትናንሽ ወጪዎች ነው፤ የሚፈለጉት ደግሞ እነሱ ናቸው።

ማመሳከሪያው (የተጻፈውን ከእጅ ካለው ገንዘብ ጋር ማስተያየት) በየእሑዱ ይካሄዳል። አንድ ሳምንት በ700 ብር ጀምሮ እሑድ በኪሱ 95 ብር አገኘ፤ የተጻፈው ወጪ ድምር 575 ብር ነበር። ሁለቱ ሲደመሩ 670 ይሆናሉ። የጎደለው 30 ብር ረቡዕ ጠዋት የተከፈለ፣ ግን ያልተጻፈ የባጃጅ ሒሳብ ሆኖ ተገኘ። ድምሩ ከ700 ቢበልጥ ኖሮ ወይ አንድ ወጪ ሁለት ጊዜ ተጽፏል፣ ወይ ያልተመዘገበ ገንዘብ ገብቷል ማለት ነበር።

መዝገቡ ምን አሳየ?

ከሰዓት በኋላ የሚወሰደው ሻይና ቦምቦሊኖ 20 ብር ነው፤ በ22 የሥራ ቀን 440 ብር ይሆናል። ሲረፍድበት በ30 ብር ባጃጅ የተሳፈረባቸው ስምንት ጠዋቶች 240 ብር ወስደዋል። በየቀኑ በ8 ብር የሚገዛው የስልክ ጥቅልም 240 ብር ደርሷል። የእነዚህ ድምር 920 ብር ሲሆን፣ 80 ብር ብቻ ዱካው ሳይገኝ ቀረ።

በሦስተኛው ወር ወጣቱ በ150 ብር የወር ጥቅል ገዛ፣ ከቤት ቀደም ብሎ መውጣት ጀመረ፣ ሻይን ያለ ቦምቦሊኖ በ10 ብር ወሰነ፤ እሱንም በወር አሥራ አምስት ቀን ብቻ። የጥቃቅን ወጪው ድምር 300 ብር ሆነ። ሻይ ጨርሶ አለመተው ትክክለኛ ውሳኔ ነበር፤ ከሥራ ባልደረቦች ጋር የሚጠጣ ሻይ በወር 150 ብር ይገባዋል።

ወሩ እንዴት ይከፈላል?

ዕዳውን በየወሩ 200 ብር እየከፈለ በአምስት ወር ለመጨረስ ከባልደረባው ጋር ተስማማ። ስለዚህ 3,000 ብር ለ30 ቀን፣ በቀን 100 ብር ቀረው። እዚህ ላይ የተለመደ ስህተት አለ፦ 3,000ን ለአራት ሳምንት ማካፈል። አራት ሳምንት 28 ቀን ብቻ ስለሆነ የመጨረሻዎቹ ሁለት ቀናት ያለ ገንዘብ ይቀራሉ። ወጣቱ በየሳምንቱ 700 ብር ያዘ፤ 200 ብር ለሁለቱ ቀናት በፖስታ ለየ።

ጳጉሜን በምን ይታለፋል?

ለጳጉሜን ደሞዝ ስለማይከፈል፣ የነሐሴ ደሞዝ እስከ መስከረም መጨረሻ 35 ወይም 36 ቀን መድረስ አለበት። በቀን 100 ብር ሲታሰብ ጳጉሜን እስከ 600 ብር ይፈልጋል። ወጣቱ ዕዳው ካለቀ በኋላ ነጻ የሚሆነውን 200 ብር ለሦስት ወር ቢያስቀምጥ ይህንኑ ያህል ይሞላል። የዕንቁጣጣሽ ዶሮና ቅቤ ግን በዚህ ሒሳብ ውስጥ ስለሌሉ ለብቻቸው መያዝ አለባቸው።