የተሰረዘ ፈቃድ ታህቱ ውስጥ ይቆጠራል ወይስ አይቆጠርም?

የድሬዳዋ ኢንዱስትሪ ፓርክ በነሐሴ 2014 ዓ.ም. የአገሪቱ የመጀመሪያው ነጻ የንግድ ቀጣና የተመረቀበት ቦታ ነው። እንዲህ ባለ ፓርክ ውስጥ ከሚጠየቁ ጥያቄዎች አንዱ «ፈቃድ ከወሰዱት ባለሀብቶች ስንት በመቶው ማምረት ጀመሩ?» የሚለው ነው። መልሱ አንድ ቁጥር ይመስላል። ነገር ግን በዚያው መዝገብ ላይ የሚሠሩ ሁለት ባለሙያዎች ሁለት የተለያየ ቁጥር ይዘው ስብሰባ ሊገቡ ይችላሉ። ልዩነቱ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ፈቃዳቸው የተሰረዘውን አንዱ ታህቱ ውስጥ ቆጥሮ ሌላው ሳይቆጥር ስለሚቀር ነው።

ማስተካከያውን በምሳሌ እንየው። ቁጥሮቹ ለማሳያ የተቀመጡ እንጂ የፓርኩ አይደሉም። በአንድ በጀት ዓመት ፈቃድ የተሰጣቸው 50 መዝገቦች አሉ እንበል። በሁኔታ ዓምዱ ላይ 18ቱ «ማምረት ጀምሯል»፣ 14ቱ «በትግበራ»፣ 6ቱ «ቅድመ ትግበራ»፣ 12ቱ «ተሰርዟል» ይላሉ። አንደኛው ባለሙያ 18ን ለ50 አካፍሎ 36 በመቶ አለ። ሁለተኛው የተሰረዙትን ቀንሶ 18ን ለ38 አካፈለና 47.4 በመቶ አገኘ። የማን ትክክል ነው ብሎ ከመከራከር በፊት 12ቱን አንድ በአንድ መክፈት ያስፈልጋል።

መጀመሪያ፦ ስረዛዎቹን በምክንያት ይለዩ። «ተሰርዟል» የሚለው ቃል ሦስት የተለያዩ ነገሮችን ይሸፍናል። በምሳሌያችን ከ12ቱ 4ቱ ድግግሞሽ ናቸው፤ ድርጅቱ ስሙን ሲቀይር ወይም ፋይሉ ሲዛወር ሁለተኛ ጊዜ የተመዘገበ ነው። 6ቱ ማሽን እንኳ ሳያስገቡ ፈቃዳቸውን የመለሱ ወይም የተነጠቁ ናቸው። 2ቱ ደግሞ ማምረት ጀምረው ከቆዩ በኋላ የዘጉ ናቸው። ድግግሞሽ ከመጀመሪያው ባለሀብት ስላልሆነ ከታህቱ መውጣት አለበት። ሳይጀምሩ የቀሩት ግን መቆየት አለባቸው፤ ፈቃድ ወስዶ ሳይሳካለት የቀረውን ካወጣነው ምጣኔው የሚለካው ነገር ራሱ ይጠፋል። ጀምረው የዘጉትም በላዕሉም በታህቱም ይቆጠራሉ፤ የተጠየቀው «ጀመሩ ወይ?» ነውና ጀምረዋል።

ስለዚህ ታህቱ 50 ሲቀነስ 4፣ ማለትም 46 ነው። ላዕሉ 18 ሲደመር 2፣ ማለትም 20 ነው። ምጣኔው 43.5 በመቶ ይሆናል። ከሁለቱም ባለሙያዎች ቁጥር ይለያል፤ ሁለቱም የሁኔታ ዓምዱን ብቻ ስላዩ ጀምረው የዘጉት ሁለቱ ተሰውረውባቸው ነበር።

ሁለተኛ፦ ከሁኔታ ዓምድ ይልቅ በቀኖች ይቁጠሩ። ሁኔታ በየጊዜው ይለወጣል፤ «ማምረት ጀምሯል» በ«ተሰርዟል» ሲተካ የጀመረበት ታሪክ አብሮ ይጠፋል። በኤክሴል ሠንጠረዡ ላይ በA የመዝገብ ቁጥር፣ በB ፈቃድ የተሰጠበት ቀን፣ በC ማምረት የተጀመረበት ቀን፣ በD የተሰረዘበት ቀን፣ በE የስረዛ ምክንያት ይኑር። ማምረት የተጀመረበት ቀን አንዴ ከተጻፈ አይነካ።

ሦስተኛ፦ ታህቱንና ላዕሉን በተለያዩ ሴሎች ይጻፉ። ሁለቱን በአንድ ቀመር ማጨቅ ስህተትን ይደብቃል። የመጀመሪያው ታህት፣ ሁለተኛው ላዕል ነው፦

```
=COUNTIFS(A2:A51,"<>",E2:E51,"<>ድግግሞሽ")
=COUNTIFS(C2:C51,">0",E2:E51,"<>ድግግሞሽ")
```

በሁለቱም ቀመር ውስጥ ማጣሪያው አንድ መሆኑን ልብ ይበሉ። ታህቱ ላይ የተጣለ ማጣሪያ ላዕሉ ላይም ካልተጣለ ታህቱ ውስጥ የሌለ ድርጅት ላዕሉ ውስጥ ይቆጠራል። በምሳሌያችን 20ን ለ38 ያካፈለ ሰው 52.6 በመቶ ያገኛል። ቁጥሩ ለዓይን ጤነኛ ይመስላል፤ ግን ከ20ዎቹ ሁለቱ ከ38ቱ ውስጥ የሉም።

ቀመሩ ልክ ሆኖ ቁጥሩ የሚሳሳትባቸው ቦታዎችም አሉ። አንዱ ፊደል ነው። አንድ ጸሐፊ «ድግግሞሽ»፣ ሌላው «ድግግሞሺ» ቢጽፍ፣ ወይም «ተሰርዟል» አንዴ በሰ ሌላ ጊዜ በሠ ቢጻፍ፣ ኤክሴል የተለያዩ ቃላት አድርጎ ያያቸዋል። በቃሉ መጨረሻ ላይ የቀረ ባዶ ቦታም እንደዚያው ነው። መፍትሔው ሰው እንዳይጽፈው ማድረግ ነው፤ የE ዓምድን በዳታ ቫሊዴሽን ከዝርዝር የሚመረጥ ያድርጉት።

ሌላው ቀን ነው፤ እኛ ዘንድ ደግሞ ይብሳል። በእኛ አቆጣጠር ጥቅምት 30ን 30/2/2014 ብሎ የጻፈ ሰው ለኤክሴል የሌለ ቀን ስለሰጠው ጽሑፍ ሆኖ ይቀራል፤ `">0"` የሚለው ማጣሪያም አይቆጥረውም። ጳጉሜ 5ን 5/13/2014 ብለው ከጻፉት ደግሞ ወርን በሚያስቀድም ኮምፒውተር ላይ ሜይ 13 ይሆናል፤ ይህኛው ስለሚቆጠር ለማግኘት የበለጠ ያስቸግራል። ለስሌት የሚያገለግለውን ዓምድ በፈረንጅ አቆጣጠር ይያዙ፤ የእኛን ቀን ለንባብ በሌላ ዓምድ ያስቀምጡ። ጽሑፍ ሆኖ የቀረው ቀን ከሴሉ በስተግራ ስለሚጠጋ በዓይንም ይታያል።

መዝገቡ በዳታቤዝ ከሆነ አንድ ነገር ይጠንቀቁ። ባዶ የሁኔታ ሴል ያለው መዝገብ በኤክሴል `"<>ተሰርዟል"` ማጣሪያ ውስጥ ይቆጠራል፤ በኤስኪውኤል `status <> 'cancelled'` ሲባል ግን NULL የሆነው ሁሉ ከቁጥሩ ይወድቃል። ከአንድ ምንጭ የወጡ ሁለት ሪፖርቶች የማይገጥሙበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ባዶዎቹ ይቆጠሩ ከተባለ `OR status IS NULL` በቅንፍ አብሮ ይጨመር።

አራተኛ፦ ያስታርቁ። በቀመሩ የወጣው 46 በእጅ ከተቆጠሩት 4 ድግግሞሾች ጋር ሲደመር 50 መምጣት አለበት። ካልመጣ ፊደል ወይም ባዶ ሴል አለ ማለት ነው፤ ፐርሰንቱን ከማውጣትዎ በፊት ያንን ያግኙ።

ከዚያ ሪፖርቱን በሌላ መንገድ ይፈትኑት። ከ«ቅድመ ትግበራ» 6ቱ በሰኔ መጨረሻ ፈቃዳቸው ቢሰረዝ ቁጥሩ ምን ይሆናል? የተሰረዙትን በሚያወጣው አሠራር 18 ለ32 ይካፈልና 56.3 በመቶ ይሆናል። አንድም ተጨማሪ ሼድ ሥራ ሳይጀምር ምጣኔው ወደ ዘጠኝ ነጥብ ገደማ ከፍ አለ። በተስተካከለው አሠራር ግን 20 ለ46 እንዳለ ይቆያል። በስረዛ ብቻ የሚያድግ ምጣኔ ለኃላፊ መቅረብ የለበትም፤ ሰነፍ ፋይል ማጽዳትን እንደ ውጤት ያስቆጥራል።

ያም ሆኖ 18 ለ38 የተባለው ከንቱ አይደለም። «ዛሬ ፈቃዳቸው ጸንቶ ካለው ስንቱ እያመረተ ነው?» ለሚል ሰው ትክክለኛው መልስ እሱ ነው፤ የመብራት ጭነት ወይም የሠራተኛ ሰርቪስ ለሚያቅድ ክፍል ከ43.5 ይልቅ ይጠቅመዋል። ስህተቱ የሚጀምረው ሁለቱ ቁጥሮች በአንድ ስም ሲጠሩ ነው። አንደኛውን «ወደ ምርት የገቡ ድርሻ»፣ ሌላውን «አሁን በማምረት ላይ ያሉ ድርሻ» ይበሏቸው።

አንድ ገደብ አለ። ፈቃድ ከወሰዱ ሦስት ወር ያልሞላቸው ድርጅቶች ታህቱ ውስጥ ካሉ ምጣኔው ያለጥፋታቸው ይወርዳል። ስለዚህ ዓመታትን ሲያወዳድሩ ለሁሉም እኩል ጊዜ ይስጡ፤ ለምሳሌ የእያንዳንዱን ዓመት ፈቃድ ከተሰጠበት ቀን ጀምሮ በ24 ወር ውስጥ በሆነው ብቻ ይለኩ።

በመጨረሻም ከፐርሰንቱ ሥር ይህን መስመር ያስገቡ፦ «46 ፈቃዶች፤ 4 ድግግሞሽ ወጥቷል፤ የተሰረዙ 8 ተካተዋል።» ይህ መስመር የሌለበት ሪፖርት ከእጅዎ ከገባ ፐርሰንቱን ከመጠቀምዎ በፊት አዘጋጁን ታህቱን ይጠይቁት።