ቅጽል የሚከተለው ሙያን ነው ወይስ ድምፅን?
(የዐረብኛ ሰዋስው ጥናት)

መምህራንና መምህራት ስንል ከግዕዝ በወረስነው ስልት የነጠላውን ቃል ሳንሰብር መጨረሻው ላይ ምዕላድ እንጨምራለን። ዐረብኛም እንዲሁ ያለ ብዙ ቁጥር አለው፤ ስሙም «ሳሊም»፣ ማለትም ያልተሰበረ ይባላል። የምንመለከተው ግን ተማሪን የሚያሳስተውን አንድ ነጥብ ነው።

በጽሑፋችን ተ ፈትሐን፣ ቱ ደማን፣ ቲ ከስራን ይወክላሉ። «ሙዐሊም» (መምህር) እና «ሙጅተሂድ» (ትጉህ) የሚሉትን ቃላት እንውሰድ።

1ኛ/ ባለቤት ሲሆን (ረፍዕ)፦
ጃአ አል-ሙዐሊሙነ አል-ሙጅተሂዱነ። (ትጉሆቹ መምህራን መጡ)
ጃአት አል-ሙዐሊማቱ አል-ሙጅተሂዳቱ። (ትጉሆቹ መምህራት መጡ)

2ኛ/ ተሳቢ ሲሆን (ነስብ)፦
ረአይና አል-ሙዐሊሚነ አል-ሙጅተሂዲነ። (አየን)
ረአይና አል-ሙዐሊማቲ አል-ሙጅተሂዳቲ።

3ኛ/ ከመስተዋድድ በኋላ (ጀር)፦
ሰለምና ዐላ አል-ሙዐሊሚነ አል-ሙጅተሂዲነ። (ሰላም አልን)
ሰለምና ዐላ አል-ሙዐሊማቲ አል-ሙጅተሂዳቲ።

እንግዲህ 2ኛውና 3ኛው አንድ ዓይነት መሆናቸውን ልብ እንበል። የወንዱ «ኡነ» በሁለቱም «ኢነ» ይሆናል። የሴቷም «አቱ» በሁለቱም «አቲ» ይሆናል። ተሳቢ ሁልጊዜ ፈትሐ ይይዛል ብሎ የለመደ ተማሪ «አል-ሙዐሊማተ» ብሎ ይጽፋል፤ ይህ ስሕተት ነው።

በአማርኛ «ትጉሆቹን መምህራን አየን» ስንል የተሳቢዋን «ን» ብዙውን ጊዜ ቅጽሉ ላይ አንዴ ጣል አድርገን እናልፋለን። ዐረብኛ ግን በስሙም በቅጽሉም ላይ ምልክቱን ይፈልጋል። ታዲያ ከላይ ባሉት ምሳሌዎች የሁለቱ መጨረሻ ሁሌ ስለሚመሳሰል ተማሪው «ቅጽል ማለት የስሙን ድምፅ መድገም ነው» ብሎ ይደመድማል። ችግሩ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው።

«ኩራሳት» (ደብተሮች) የሚለው ስም በአት ያበቃል፤ ሰው ግን አይደለም። ሰው ላልሆነ ነገር ብዙ ቁጥር ዐረብኛ ቅጽሉን በነጠላ አንስታይ ያስቀምጠዋል። ስለዚህ «አዲሶቹን ደብተሮች አየን» ለማለት፦

ረአይና አል-ኩራሳቲ አል-ጀዲደተ።

ስሙ በቲ፣ ቅጽሉ በተ! ታዲያ ተጣሉ ማለት ነው? አይደለም። ሁለቱም ተሳቢ ናቸው። «ኩራሳት» ሳሊም ብዙ ስለሆነ ነስቡን በከስራ ያሳያል፤ «ጀዲደ» ነጠላ ስለሆነ በተለመደው ፈትሐ ያሳያል። ለወንድም ይኸው ነው፦ «ጀዲድ» ብዙው ተሰብሮ «ጁዱድ» ስለሚሆን «ረአይና አል-ሙዐሊሚነ አል-ጁዱደ» እንላለን።

የተማሪ ደብተር ስናርም ሦስት ጥያቄ እናንሳ፦ የስሙ ሙያ ምንድን ነው? ስሙ ሰው ነው ወይስ ሌላ ነገር? ቅጽሉስ የያዘው መልክ ሳሊም ነው፣ የተሰበረ ነው ወይስ ነጠላ? ሙያው ከስሙ ወደ ቅጽሉ ይተላለፋል፤ ድምፁን የሚወስነው ግን የየራሳቸው መልክ ነው።

በመጨረሻም፣ በዕለት ንግግር ዐረቦች የወንዱን ብዙ በሁሉም ሙያ «ሙዐሊሚን» ይላሉና ከጆሮ የተለመደው ለጽሑፍ ማረሚያ አይሆነንም።