የሚደድር ሳንባ፣ የሚላላ ሳንባ

ኮምፕሊያንስ ማለት ግፊት በተወሰነ መጠን ሲለወጥ ሳንባ ምን ያህል እንደሚሰፋ የሚያሳይ ልኬት ነው። በጤናማ ሰው ለ1 ሴንቲ ሜትር ውሃ ግፊት 200 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው።

ፋይብሮሲስ ሳንባን በጠባሳ ያደድራል። ልኬቱ ወደ 50 ወረደ እንበል፤ 500 ሚሊ ሊትር አየር ለማስገባት 2.5 ይበቃ የነበረው ግፊት 10 ይሆናል። ታማሚው ድካሙን ለመቀነስ አጠር አጠር አድርጎ ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳል።

በኤምፊዚማ ግን የአልቪዮላይ ግድግዳ ከነላስቲክ ክሮቹ ይፈርሳል። ሳንባው በቀላሉ ይለጠጣል፤ እንደ ላላ ላስቲክ ግን መልሶ አይሰበሰብም። ትንንሾቹ የአየር ቧንቧዎችም የሚወጥራቸው አጥተው ሲተነፍስ ይጠባሉ፤ አየሩ ውስጥ ይቀራል።

ስለዚህ በፈተና ላይ ከፍተኛ ኮምፕሊያንስ ስታዩ ጤናማ ነው አትበሉ፤ አየሩ እንዴት እንደሚወጣ ጠይቁ።