በባዶ ሆድ የሚለካ የደም ስኳር፦ 100 እና 126

«ስኳርህ 118 ነው» የተባለ ሰው ታማሚ ነውን ወይስ ጤነኛ? ውድ አንባብያን፣ መልሱን ከመስጠታችን በፊት ቁጥሩ የሚለካው ምን እንደ ሆነ እንመልከት። በአንድ ጎልማሳ ሰውነት ውስጥ 5 ሊትር ያህል ደም ይዘዋወራል። ጤነኛ ሰው ምንም ሳይቀምስ አድሮ ጠዋት ሲለካ፣ በዚህ ሁሉ ደም ውስጥ ያለው ስኳር አንድ የሻይ ማንኪያ ቢሞላ ነው። ሌሊቱን ይህ እንዳያልቅ ጉበት ካከማቸው ላይ ጥቂት በጥቂት ይለቅቃል፤ ከቆሽት የሚወጣው ኢንሱሊን ደግሞ ጉበት ከልክ በላይ እንዳይለቅ ይገታዋል። እንግዲህ የጠዋቱ ቁጥር በይበልጥ የሚናገረው ጉበትና ቆሽት ሌሊቱን እንዴት ተስማምተው እንዳደሩ ነው።

ቁጥሩ የሚጻፈው በአንድ ዴሲ ሊትር፣ ይኸውም በሊትር አንድ ዐሥረኛ፣ ውስጥ ባለው የስኳር ሚሊ ግራም ነው። ከ70 እስከ 99 የጤነኛ ነው። 126 እና ከዚያ በላይ የስኳር በሽታ ነው። በመካከሉ ያለው፣ ከ100 እስከ 125፣ ቅድመ ስኳር ይባላል። የዓለም ጤና ድርጅት ይህን መካከለኛ ወሰን ከ110 ስለሚጀምር 104 ያለው ሰው በሁለት ሐኪሞች ዘንድ ሁለት ስም ቢሰጠው አያስገርምም። 126ም በዕጣ የወጣ ቁጥር አይደለም። እስከ 1997 እ.ኤ.አ. ድረስ ወሰኑ 140 ነበር፤ ሆኖም ከ140 በታች ባሉ ሰዎችም ላይ በዐይን ውስጥ ያሉት ቀጫጭን የደም ሥሮች ሲጎዱ ስለ ታየ ዝቅ ተደረገ።

አሁን ለምሳሌ አንድ የሳንጃ ሰሊጥ ነጋዴ እንውሰድ፤ ክብደቱ 86 ኪሎ፣ ውፍረት የጀማመረው፣ ሕመም የማይሰማው ሰው ይሁን። ረቡዕ ጠዋት ወደ ጤና ጣቢያ ሄዶ «ጾመኛ ነኝ» አለና ተለካ፤ 134 ሆነ። ነገር ግን ከቤቱ ሲወጣ ስኳር ያለበት ሻይ ጠጥቶ ነበር። ሥጋና ወተት አለመንካት ሌላ፣ ለዚህ ምርመራ መጾም ሌላ ነው፤ ለምርመራው ከውኃ በቀር ምንም ሳይቀምሱ ቢያንስ 8 ሰዓት መቆየት ያስፈልጋል። ስለዚህ 134 ከቁጥር አይገባም። በሌላ ቀን ከእራት በኋላ ሳይቀምስ አድሮ ቢመጣ 117፣ በሚቀጥለው ሳምንት ደግሞ 114 ሆነ። ሰውየው ቅድመ ስኳር እንጂ የስኳር በሽታ የለበትም። 131 እና 128 ቢሆን ኖሮ ግን በሽታው አለበት ይባል ነበር። ሕመም የማይሰማው ሰው በአንድ ጠዋት ልኬት ብቻ በሽተኛ አይባልምና።

ስሕተቱ በተቃራኒውም ይመጣል። ደም ከክንድ ተቀድቶ በብልቃጥ ሲቆይ በውስጡ ያሉት የደም ሕዋሳት ስኳሩን መብላት አያቆሙም፤ ቶሎ ካልተጣራ ቁጥሩ በየሰዓቱ ከመቶ ከ5 እስከ 7 እጅ ይቀንሳል፤ በሙቀት ደግሞ ይብሳል። እንደ ሳንጃ ባለው ቆላ ሁለት ሰዓት ጠረጴዛ ላይ የቆየ 130 ወደ 115 ወርዶ በሽተኛውን ቅድመ ስኳር ሊያስመስለው ይችላል። በጣት ደም የሚሠራው ትንሽ መሣሪያም ቢሆን የመለኪያ ወረቀቱ ከ30 ዲግሪ በላይ በሆነ ሙቀት ከተቀመጠ አይታመንም፤ ማንጎ የበላ ጣት ሳይታጠብ ቢወጋም ቁጥሩ ያለ አግባብ ይወጣል።

ነጋዴያችን ምን ያድርግ? በ2002 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የታተመ ታላቅ ጥናት ከክብደታቸው ከመቶ 7 እጅ ለመቀነስና በሳምንት 150 ደቂቃ ፈጠን ብለው ለመራመድ የተነሡ ቅድመ ስኳር ያለባቸው ሰዎች ወደ በሽታው የመሻገራቸው ዕድል ከመቶ 58 እጅ እንደ ቀነሰ አሳይቷል። ለእርሱ ይህ ማለት 6 ኪሎ ነው። ከዚያም በየዓመቱ ይለካ።

ይህ ምክር ግን ለከሳው ገበሬ አይሆንም። በ2009 እ.ኤ.አ. እነ ዶክተር ሽታዬ ዓለሙ ከጎንደር እንደ ጻፉት፣ በገጠር ያሉት ኢንሱሊን የሚያስፈልጋቸው ታማሚዎች አብዛኞቹ ድኾችና ከሲታዎች ነበሩ። ከምግብ እጥረት ጋር የተያያዘው ይህ ዐይነት ለብዙ ዓመታት ሲያከራክር ቆይቶ በ2025 እ.ኤ.አ. ዓለም አቀፉ የስኳር በሽታ ፌዴሬሽን «ዐምስተኛው ዐይነት» ብሎ ሰይሞታል። እንዲህ ያለው ሰው ውኃ አልጠግብ ካለ፣ ሽንት ካመላለሰውና ሥጋው ካለቀ፣ ሁለተኛ ጠዋት አይጠበቅለትም፤ በልቶም ሆነ ሳይበላ 200 እና ከዚያ በላይ ከተገኘበት በሽታው ታውቋል፣ ሕክምናውም በዚያው ቀን ይጀመራል።