ከቦሌ እስከ አሶሳ፦ የአብራሪነት ፈቃድ ደረጃዎች

አሶሳ ከአዲስ አበባ በአየር 475 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ለአገር ውስጥ በረራ በሚጠቀምበት ዳሽ 8-400 አውሮፕላን በግራ ወንበር ዋና አብራሪው፣ በቀኝ ወንበር ረዳት አብራሪው ይቀመጣሉ። ሁለቱም አውሮፕላኑን ማብረር ይችላሉ፤ የሚጠየቁት ፈቃድ ግን የተለያየ ነው። ልዩነቱን ለመረዳት ከመነሻው እንጀምር። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ሰዓቶች የዓለም አቀፉ ሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ዝቅተኛ መመዘኛዎች ናቸው።

ተማሪ አብራሪ ብቻውን የሚበረው አስተማሪው ሲፈቅድለት ብቻ ነው፤ መንገደኛ አይጭንም። 40 የበረራ ሰዓት ሞልቶ ፈተናውን ሲያልፍ የግል አብራሪ ፈቃድ ያገኛል። በዚህ ፈቃድ ሰው አሳፍሮ መብረር ቢችልም ክፍያ መቀበል አይችልም። ለሥራ ለመቀጠር የንግድ አብራሪ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ይህም በመደበኛው መንገድ 200 ሰዓት ይጠይቃል።

ይሁን እንጂ እነዚህ ፈቃዶች ብቻቸውን ደመና ውስጥ ለመግባት አያበቁም። በክረምት የአሶሳ ሰማይ በደመና ሲሸፈን አድማሱ ከዓይን ይሰወራል። አውሮፕላኑ በዝግታ ሲዞር በውስጥ ጆሮ ቱቦዎች ያለው ፈሳሽ መጀመሪያ ወደ ኋላ ይቀራል፤ መዞሩን የምናውቀውም በዚህ ነው። ዙሩ ሳይለወጥ 20 ሰከንድ ያህል ከቀጠለ ግን ፈሳሹ ከቱቦው ጋር እኩል ይሄዳል፤ አብራሪውም ቀጥ ብሎ የሚበር ይመስለዋል። አውሮፕላኑን ሲያቃና ደግሞ ወደ ተቃራኒው አቅጣጫ የዞረ ስለሚመስለው ወደ ቀድሞው ዙር ይመልሰዋል። በዚህ ጊዜ አውሮፕላኑ እየተሽከረከረ ከፍታውን ያጣል። ስሕተቱን የሚያሳየው ሰው ሠራሽ የአድማስ መሣሪያው ነው። ስለዚህ ስሜትን ትቶ መሣሪያን ማመንን የሚያስተምረው የመሣሪያ በረራ ብቃት 40 የመሣሪያ ሰዓት ይጠይቃል፤ ከፊሉ በምድር ላይ በበረራ ማስመሰያ ሊሟላ ይችላል።

በዚህ ላይ የባለ ብዙ ሞተር ሥልጠናና የዳሽ 8-400 የዓይነት ብቃት ሲታከልበት ሠልጣኙ በቀኝ ወንበር ለመቀመጥ ይበቃል። ሁለት አብራሪ የሚጠይቀውን ይህን አውሮፕላን በመንገደኞች አገልግሎት በአዛዥነት ለማብረር ግን የአየር መንገድ ትራንስፖርት አብራሪ ፈቃድ የግድ ነው፤ ዕድሜውም ቢያንስ 21 መሆን አለበት።

ለዚህ ፈቃድ 1,500 ሰዓት ያስፈልጋል። 200 ሰዓት ይዞ ለጀመረ ረዳት አብራሪ 1,300 ይቀረዋል። የቦሌና የአሶሳ ደርሶ መልስ 2 ሰዓት ተኩል ይፈጃል ብንል፣ ቀሪው 520 ምልልስ ይሆናል። ድምሩ ቢሞላም በቂ አይደለም፤ በአዛዥነት ወይም በካፒቴን ቁጥጥር ሥር የአዛዥነትን ተግባር በመፈጸም የተመዘገቡ ሰዓቶች፣ እንዲሁም 100 የሌሊት ሰዓት ይፈለጋሉ። በቀን ብቻ 520 ጊዜ አሶሳ የተመላለሰ አብራሪ እንግዲህ ካፒቴን ለመሆን አይበቃም።