የደስታ መልእክት አጻጻፍ፤ ለአሸናፊዎች፣ ለቤተ ሰቦቻቸውና ለአሠልጣኞቻቸው



ተማሪዎቻችን በውድድር አሸንፈው ሲመለሱ ትምህርት ቤታችን የደስታ መልእክት ያወጣል። ይህ መልእክት በሰንደቅ ዓላማ ሥነ ሥርዓት ላይ ይነበባል፤ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል፤ አንዳንድ ቅጂም ለአሸናፊዎቹ ቤተ ሰብ ይላካል። ዘንድሮ የሴቶች የዱላ ቅብብል ቡድናችን የትምህርት ቤቶችን ውድድር ባሸነፈ ጊዜ መልእክቱን እንድናዘጋጅ ከታዘዝነው ሦስት ተማሪዎች አንዱ እኔ ነበርሁ። ሥራው ስናየው ቀላል ይመስል ነበር፤ ስንገባበት ግን የራሱ ሥርዓት ያለው ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ ያንኑ ሥርዓት በተራ ላስረዳችሁ እወዳለሁ።

የመጀመሪያው ነገር ውጤቱን በትክክል መጻፍ ነው። ብዙ ጊዜ የደስታ መልእክት የሚጀምረው «ጀግኖቻችን አንጸባራቂ ድል ተቀዳጁ» በሚል ቃል ነው። እንዲህ ያለው አነጋገር ለማንኛውም አሸናፊ ስለሚስማማ ለማንም የተለየ ክብር አይሰጥም። በአንጻሩ ይህን ተመልከቱ፤ አበበ ቢቂላ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. በሮማ ኦሎምፒክ 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር የሆነውን የማራቶን መንገድ በባዶ እግሩ ሮጦ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16.2 ሴኮንድ አንደኛ ወጣ፤ ሁለተኛ የወጣው የሞሮኮው ራዲ ቤን አብደሰላም 25.4 ሴኮንድ ዘግይቶ ገባ። በዚህ አነጋገር ውስጥ አንድም የማወደሻ ቃል የለም፤ ሆኖም ሰሚው ሳይታዘዝ ራሱ ያደንቃል። እንግዲህ ቦታው፣ ቀኑ፣ የውድድሩ ዓይነት፣ ደረጃውና ልኩ ከተጻፈ ምስጋናው በውስጡ አለ።

ስለ ቀኑም አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። ቅጂው ለውጭ አገር ሰው የሚደርስ ከሆነ ቀኑን በአውሮፓ አቈጣጠርም መጻፍ ያስፈልጋል። ብዙዎች ሁልጊዜ ስምንት ዓመት ይጨምራሉ፤ ይህ ግን ስሕተት ያመጣል። አበበ የሮጠበት ቀን በአውሮፓ አቈጣጠር ሴፕቴምበር 10 ቀን 1960 ስለሆነ ልዩነቱ ስምንት ዓመት ነው። በማግሥቱ ግን በእኛ አገር 1953 ዓ.ም. ገባ፤ በአውሮፓ ያው 1960 ስለሆነ ልዩነቱ ሰባት ሆነ። ከእንቍጣጣሽ ጀምሮ አውሮፓውያን ዓመታቸውን እስኪለውጡ ድረስ የሚጨመረው ሰባት ነው።

አሁን ወደ ራሳችን ቡድን ልመለስ። ውድድሩ 4 ጊዜ 100 ሜትር ነበር። ሦስት ዳኞች በእጅ ሰዓት ይዘው ሲለኩ አንደኛው 53.3፣ ሁለተኛው 53.4፣ ሦስተኛው 53.6 ሴኮንድ አገኙ። ከደጋፊዎቻችን ብዙዎቹ 53.3 ተብሎ እንዲጻፍ ፈለጉ። ነገር ግን በአትሌቲክስ ሕግ ሦስት ሰዓቶች የተለያዩ እንደሆነ መካከለኛው ይወሰዳል እንጂ አጭሩ አይወሰድም፤ ሁለቱ አንድ ዓይነት ቢሆኑ ደግሞ የሁለቱ ይጸናል። ስለዚህ ትክክለኛው 53.4 ነው። የውጤት ምንጩ የዳኞች የተፈረመ ወረቀት እንጂ የደጋፊ ወሬ አለመሆኑን ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ሁለተኛው ነገር ስም ነው። ከዳኞች ወረቀት የተገለበጠው የስም ዝርዝር አራት ልጃገረዶችን ብቻ የያዘ ነበር፤ ወረቀቱ የፍጻሜው ውድድር ነበርና። እኔ ግን የማጣሪያውን ቀን ስላየሁ አምስተኛዋን አስታወስሁ። በማጣሪያው አራተኛዋን ርቀት የሮጠችው የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ቁርጭምጭሚቷ ወለም ስላላት በፍጻሜው ተጠባባቂዋ ተተካች። እርሷ በማጣሪያው ባትሮጥ ቡድኑ ለፍጻሜ አይደርስም ነበር። በኦሎምፒክም ቢሆን በዱላ ቅብብል ማጣሪያውን ሮጦ በፍጻሜው ያልተሰለፈ ሯጭ፣ ቡድኑ ካሸነፈ ሜዳልያ ይሰጠዋል። ስለዚህ ስሟ ከአራቱ ጋር ተጻፈ። መልእክቱ በተነበበ ጊዜ በክራንች ተደግፋ ከሰልፉ ጫፍ ቆማ ነበር፤ ስሟ ሲጠራ አራቱ ጓደኞቿ ከሰልፋቸው ወጥተው ወደ መካከላቸው አመጧት።

የስሙ አጻጻፍ ደግሞ ሌላ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል፤ በወረቀት ላይ የሚያበላሸው ግን ጸሐፊ ነው። ፀሐይ የሚለውን ስም በ«ፀ» የሚጽፍ አለ፤ በ«ጸ» የሚጽፍም አለ፤ ኃይሉ የሚለውም በ«ኃ» ወይም በ«ሀ» ይጻፋል። ድምፁ አንድ ስለሆነ አንባቢው ልዩነቱን አያሰማም፤ ቅጂው በቤት ለሚቀመጥለት ሰው ግን የራሱ ስም አይደለም። ስለዚህ እያንዳንዷ ሯጭ ስሟን ከአባቷና ከአያቷ ስም ጋር በገዛ እጅዋ እንድትጽፍልን አደረግን።

የእናቶችን ስም ስንጽፍም እንዲሁ ተጠነቀቅን። በአገራችን ሴት ስታገባ የባሏን ስም አትወስድም፤ የራሷንና የአባቷን ስም ይዛ ትኖራለች። ስለዚህ እናትን በልጅዋ አባት ስም «ወይዘሮ እገሌ» ብሎ መጥራት ስሕተት ነው። የእናቲቱን ስም ከነአባቷ ስም ከልጅዋ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ሦስተኛው ነገር የቤተ ሰብ ምስጋና ነው። በተለመደው መልእክት «ወላጆችን እናመሰግናለን» ይባላል። ከአምስቱ ሯጮች አንዷን ያሳደገቻት አክስቷ ናት፤ ሌላዋ ከአያቷ ጋር ትኖራለች። «ወላጆች» ብቻ ብንል እነዚህ ሁለቱ ከምስጋናው ውጭ ይሆናሉ። ስለዚህ «ቤተ ሰቦች» አልንና ቀጥሎ የእያንዳንዱን ስም ጻፍን።

ቀጥሎም ምስጋናው ለምን እንደሆነ መናገር ያሻል። ልምምዱ በሳምንት ሦስት ቀን ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ነበር። ያ ሰዓት ውሃ የሚቀዳበት፣ ራት የሚሠራበት፣ ታናናሽ ልጆች የሚጠበቁበት ሰዓት ነው። ለሁለት ወር ልጃገረዶቹ ከዚያ ሥራ ሲነሡ ሥራው አልቀረም፤ እናት፣ አክስት፣ ወንድም ተሸከመው። መልእክቱ ያመሰገነው ይህንኑ ነው።

ነገር ግን የሚያውቁትን ሁሉ መጻፍም አይገባም። የአንዷ ሯጭ እናት የሩጫ ጫማ ለመግዛት ገንዘብ ተበድረው እንደነበር ሰምተን ነበር። ከእኛ መካከል አንዱ «ይህ ቢነበብ ሰው ሁሉ ያለቅሳል» አለ። እኔም አስቀድመን ልጅቷን እንጠይቅ አልሁ። ለብቻዋ ጠርተን ብንጠይቃት ጥቂት ዝም አለችና፣ «እማዬ የተበደረችው ሰው እንዳያውቅብኝ ብላ ነው፤ እናንተ በድምፅ ማጉያ ልትናገሩት ነው?» አለችን። ወዲያው ተውነው። የቤተ ሰብን ድካም ማመስገን ሌላ ነው፤ ችግሩን በአደባባይ መግለጥ ሌላ ነው። ሁለቱን ለመለየት የሚቻለው ባለጉዳዩን አስቀድሞ በመጠየቅ ነው።

አራተኛው የአሠልጣኙ ምስጋና ነው። «ያላሰለሰ ጥረት» የሚለው ቃል የአሠልጣኙን ሥራ አያሳይም። በዱላ ቅብብል ዱላው መለዋወጥ ያለበት 30 ሜትር በሆነ ክልል ውስጥ ነው፤ ዳኛውም የሚያየው የሯጯን አካል ሳይሆን ዱላው ያለበትን ስፍራ ነው። ከክልሉ ውጭ ቢቀባበሉ ቡድኑ ይሰረዛል። ተቀባይዋ መሮጥ የምትጀምረው ሰጪዋ መሬት ላይ የተደረገውን ምልክት ስትረግጥ ነው። ምልክቱ በጣም ከራቀ ተቀባይዋ ቀድማ ታመልጣለች፤ በጣም ከቀረበ ሰጪዋ ትደርስባትና ሁለቱም ፍጥነት ይቀንሳሉ። አሠልጣኛችን ይህን ርቀት ለእያንዳንዱ ጥንድ በእግር እየለኩ፣ በኖራ እየመለከቱ፣ ልምምዱ በተሻሻለ ቍጥር እያስተካከሉ አገኙት። ተጠባባቂዋ በፍጻሜው ቀን ስትገባ ዱላው ሳይወድቅ የቀረው፣ ከመጀመሪያው ከሦስተኛዋ ሯጭ ጋር አብረው ስላለማመዷት ነው። ይህን የሚናገር ምስጋና ለእርሳቸው ብቻ የሚሆን ምስጋና ነው። ቅዳሜ ጧት በር የሚከፍቱልንን የዘበኛችንን ስምም ያሳሰቡን እርሳቸው ናቸው።

ከዚህ በኋላ የተጻፈው መልእክት፣ ስሞቹ ሲቀሩ፣ የሚከተለው ነው።

«የተከበራችሁ መምህራን፣ ወላጆችና ተማሪዎች፤ በሚያዝያ ወር በተደረገው የትምህርት ቤቶች ውድድር የሴቶች 4 ጊዜ 100 ሜትር ዱላ ቅብብል ቡድናችን በ53.4 ሴኮንድ አንደኛ ወጥቷል። በማጣሪያና በፍጻሜ የሮጡት አምስት ተማሪዎች ስማቸው ሲጠራ ወደ ፊት ይወጣሉ። እንኳን ደስ ያላችሁ! ቤተ ሰቦቻቸው ሆይ፣ ልጆቻችሁ በሚለማመዱበት ሰዓት የቤቱን ሥራ ተሸክማችሁልናልና እናመሰግናችኋለን። አሠልጣኛችን ሆይ፣ ለአራቱም ሯጮች የመቀባበያውን ርቀት ለክተው፣ ተጠባባቂዋንም እኩል ስላሠለጠኑ ምስጋናችን ይድረስዎ። ቅዳሜ ጧት በሩን ለከፈቱልን ዘበኛችንም እናመሰግናለን። አብረውን የተወዳደሩትን ትምህርት ቤቶች ሁሉ እናከብራለን።»

የመጨረሻው ዐረፍተ ነገር ያለ ምክንያት አልገባም። ከሰልፉ መካከል በዚያው ውድድር አራተኛ የወጣው የወንዶች ቡድናችን ቆሞ ነበር፤ «ሌሎቹን አሳፈርን» የሚል ቃል ቢነበብ እነርሱንም ይነካል።

ከመነበቡ አስቀድሞ የቀረው ሥራ ማረም ነው። እኛ ጽሑፉን ለአሠልጣኙና ለአምስቱ ሯጮች ጮክ ብለን አነበብንላቸው፤ ርእሰ መምህሩ የፈረሙበት ከዚያ በኋላ ነው። በዓይን የሚያመልጥ ስሕተት በጆሮ ይያዛልና ይህ ንባብ ሁለት ነገር አስተካከለ፤ የአንዷ አያት ስም ጠብቆ መነበብ እንዳለበት ተነገረን፤ አክስቲቱም «ወይዘሮ» ሳይሆኑ ገና ያላገቡ ስለሆኑ «ወይዘሪት» ተባሉ።

በሰሌዳ ላይ የተለጠፈው ወረቀት ከሁለት ሳምንት በኋላ ተነሥቷል። ለአክስቲቱ የተላከው ቅጂ ግን በቤታቸው ግድግዳ ላይ በመስተዋት ተከቶ መሰቀሉን ልጅቷ ነግራኛለች።